የምላስ እስራት ያለበትን አራስ ስለ ማጥባትና ክሯ የምትፈታበትን ጊዜ ስለ መለየት

ከምላስ በታች፥ በምላስ ሆድና በአፍ ወለል መካከል፥ ክር የምትመስል ስስ የሥጋ እጥፋት በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ትገኛለች፤ መስተዋት ፊት ቆሞ ምላሱን ወደ ላንቃው የሚያነሣ ሁሉ ያያታል። ይህች ክር በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ከልክ በላይ አጥራ፥ ወይም ወፍራ፥ ወይም እስከ ምላሱ ጫፍ ድረስ ዘልቃ ስትገኝ፥ ምላሱ ወደ ፊት እንዳይወጣና ወደ ላይ እንዳይነሣ ትይዘዋለች፤ ይህንም የምላስ እስራት እንለዋለን። መርማሪዎች የሚለኩበት መስፈርት አንድ ባለመሆኑ ቍጥሩ ከጥናት ወደ ጥናት ቢለያይም፥ ከ100 አራሶች ከ4 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ፥ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች እንደሚበዛ፥ በአንድ ቤተሰብም ውስጥ እንደሚደጋገም ይነገራል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት እናት፥ ወይም አባት፥ ወይም አራሷን የምታርስ ዘመድ ቢሆኑ፥ አስቀድመው ሊለዩት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የክሯ መታየት ሌላ፥ የክሯ መጕዳት ደግሞ ሌላ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፥ የምላስ እስራት ምልክት ከሚታይባቸው ሕፃናት መካከል ለመጥባት የሚቸገሩት ከግማሽ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው በክሯ መልክ ሳይሆን በጡቱ ላይ በሚሆነው ነገር ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፈውም ቅደም ተከተል በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ምላስ ወተትን የሚስብበት አኳኋን

የሚያዩትን ነገር ለመረዳት፥ ጤነኛ ምላስ በሚጠባበት ጊዜ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕፃኑ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጡቱን ሲጎርስ፥ ምላሱ የታችኛውን ድድ አልፎ ወደ ፊት ይወጣና በድዱና በጡቱ መካከል ይነጠፋል፤ ጠርዞቹም ከግራና ከቀኝ ወደ ላይ ተነሥተው ጡቱን ያቅፉታል። በዚህ ጊዜ የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ተስቦ፥ ጠንካራው ላንቃ ለስላሳውን ወደሚገናኝበት ስፍራ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ የምላሱ መካከልና ኋላ ወደ ታች ዝቅ ሲል በአፉ ውስጥ ባዶ ስፍራ ይፈጠራል፥ ወተቱም በዚያ ስበት ይፈስሳል፤ ይህን ተመራማሪዎች ያረጋገጡት በአልትራሳውንድ መሣሪያ የሚጠባ ሕፃን አፍ ውስጡን በማየት ነው።

ምላሱ የታሰረበት ሕፃን ግን ምላሱን ከድዱ አሳልፎ ማውጣት ስለሚያቅተው፥ ጡቱን የሚይዘው በምላስ ሳይሆን በድድ ነው። ድዱ ጫፉን ይነክሳል፤ ምላሱም ወደ ኋላ ሸሽቶ ጫፉን ከላንቃው ጋር ያሻሻዋል፤ ስበቱ እየተቋረጠ አየር ይገባል። ከዚህ አንድ ምክንያት ሁለት ጕዳት ይወለዳል፤ እናቲቱ ትቆስላለች፥ ልጁም በቂ ወተት ሳያገኝ ይደክማል። ጡቱ በየጊዜው በሚገባ ባዶ ካልሆነ ደግሞ ወተቱ ራሱ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል፥ አንዳንድ ጊዜም ጡቱ ረግቶ ያብጣል፤ ይህ ሦስተኛው ጕዳት ዘግይቶ የሚመጣ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ምክንያት ጋር አያያይዘውም።

አስቀድሞ ጡቱን፥ ቀጥሎ አፉን መመርመር

ብዙ ሰው ሕፃኑን አስተኝቶ በቀጥታ አፉን ይከፍታል፤ እኔ ግን ከዚህ ተቃራኒ በሆነው መንገድ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። አንድ ሙሉ ጥቢ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቸኵሉ ይመልከቱ። መልካም አያያዝ ሲሆን የሕፃኑ አፍ ሰፊ፥ አገጩ በጡቱ ላይ የተጣበቀ፥ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ፥ ጕንጩም የሞላ ነው፤ ወተቱ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ስቦ አንድ ጊዜ ሲውጥ ይሰማል። መጥፎ አያያዝ ሲሆን ግን ጕንጩ ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል፥ ምላሱ በየጊዜው ሲያመልጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፥ ጡቱን እየለቀቀ እንደገና ይፈልጋል፥ ወይም ብዙ ሳይውጥ ጡቱ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስደውና ገና ሲያስተኙት በረኃብ ይነቃል።

ሕፃኑ ጡቱን በለቀቀበት ቅጽበት የጡቱን ጫፍ ይመልከቱ፤ ከምልክቶች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ነው። በሚገባ የተጠባ ጫፍ ረዘም ይላል እንጂ ክብነቱን አያጣም። በድድ የተነከሰ ጫፍ ግን በአንድ ወገን ተጨፍልቆ፥ ለጽሕፈት በሰያፍ እንደ ተቈረጠ የመቃ ብዕር ሾጣጣ ሆኖ ይወጣል፤ በላዩም ነጭ መስመር፥ ሲቈይም ስንጥቅና ደም ይታይበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡቱ ሲያዝ ጥቂት ሰኮንዶች የሚቈይ ሕመም በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፥ በራሱም ይለቃል፤ ጥቢው እስኪያልቅ የሚዘልቅና ከሳምንት በኋላ የሚብስ ሕመም ግን ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባዋል።

አሁን ወደ አፉ ይለፉ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፥ ጥፍርዎን አሳጥረው፥ ሕፃኑን ራሱ ወደ እርስዎ እንዲሆን በጭንዎ ላይ ያስተኙት። ሲያለቅስ ምላሱ እስከ አፉ መካከል ከፍ ይል እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ የታሰረ ምላስ ጠርዞቹ ብቻ ተነሥተው መካከሉ ዝቅ ብሎ ይቀራል፥ ጫፉም መሐሉ ላይ ተሰርጕዶ የልብ ቅርጽ ይይዛል። የታችኛውን ከንፈሩን በጣትዎ ሲነኩለት ምላሱ ድዱን አልፎ ከንፈሩ ላይ ይደርስ እንደ ሆነ፥ ጣትዎን በታችኛው ድድ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያንሸራትቱም ምላሱ ጣትዎን ይከተል እንደ ሆነ ይዩ። በመጨረሻ የጣትዎን ሆድ ወደ ላንቃው አድርገው ያጥቡት፤ ጤነኛ ምላስ ጣቱን ከታች አቅፎ ወደ ውስጥ ይስበዋል፥ የታሰረው ግን ድዱ ሲነክስ ብቻ ይሰማዎታል። እግረ መንገድዎን ላንቃውን ይዳስሱ፤ በለስላሳው ላንቃ ላይ የተደበቀ ክፍተት ከምላስ እስራት ጋር የሚምታታ የመጥባት ችግር ያመጣል።

ምላሱ ወጥቶ፥ ተነሥቶ፥ ተዘዋውሮ ሳለ ክሯ ስለ ታየች ብቻ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። በአንጻሩ ደግሞ ጡቱ ላይ ያለው ችግር ሁሉ ከክሯ ላይመጣ ይችላል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ፥ አገጩ ወደ ኋላ የሸሸ፥ ሲወለድ አንገቱ በአንድ ወገን የጠነከረበት፥ ወይም ጡንቻው የላላ ሕፃን ምላሱ ነጻ ሳለ መጥባት ይቸግረዋል። በምላሱና በጕንጩ ውስጥ የማይጠረግ ነጭ ሽፋን ከታየ፥ የእናቲቱም ጡት በጥቢ መካከልም ሆነ ከዚያ በኋላ የሚያቃጥላት ከሆነ፥ ይህ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱ ሌላ ነው።

ሚዛኑ የሚመሰክረው

የዐይን ምስክርነት በሚዛን መጽናት አለበት። አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱ ባሕርያዊ ነው፤ ነገር ግን ከተወለደበት ክብደት ከመቶ 10 እጅ ያህል ከጐደለ ወይም ከዚያ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ያለ መዘግየት መቅረብ አለበት። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ወደ ልደቱ ክብደት ሊመለስ፥ ከዚያም በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ሊጨምር ይገባል። ሚዛን በሌለበት ቤት የሽንት ጨርቁ ይመሰክራል፤ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 6 ጊዜ በደንብ የራሰ ጨርቅ፥ ጥቍሩ የመጀመሪያው ሰገራም አልፎ ቢጫና ለስላሳ ሰገራ ሊታይ ይገባል። በጨርቁ ላይ የጡብ ዱቄት መልክ ያለው ቀይ ምልክት ከ4ኛው ቀን በኋላም ከቀጠለ፥ ሕፃኑ በቂ ወተት እያገኘ አለመሆኑን ያስጠረጥራል።

ሕፃኑ ለጥቢ የማይነቃ፥ የሰውነቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፥ ሰውነቱ የቀዘቀዘ፥ ወይም ቢጫነቱ እስከ እጁና እግሩ መዳፍ የወረደ ከሆነ ግን የክሯን ነገር ትተው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከመቀስ በፊት የሚደረገው

ችግሩ በጡቱም በአፉም ከታየ፥ ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ አያያዙን ማቃናት ነው። ከዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፥ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ለወጉ ያህል ብቻ ነክቶት ያልፋል። የሕፃኑ ሆድ በእናቲቱ ሆድ ላይ ይሁን፤ ጆሮው፥ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሰለፉ፤ አንገቱን አዙሮ የሚጠባ ሕፃን፥ ምላሱ ነጻ የሆነውም ቢሆን፥ በሚገባ አይውጥም። አፍንጫውን ከጡቱ ጫፍ ትይዩ አድርገው አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው እስኪከፍት ይጠብቁ፤ በከፈተም ጊዜ ጡቱን ወደ ልጁ ሳይሆን ልጁን ወደ ጡቱ በፍጥነት ያቅርቡት፥ አገጩ አስቀድሞ ይንካ። ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጠቈር ያለ ክብ፥ በተለይ ከታች በኩል፥ ብዙውን እንዲጎርስ ያስፈልጋል። ምላሱ የታሰረበትን ሕፃን በተለይ የሚረዳው፥ እናቲቱ በትራስ ተደግፋ ወደ ኋላ ጋለል ብላ ሕፃኑን በደረቷ ላይ በሆዱ ስታስተኛው ነው፤ በዚህ ጊዜ ምላሱና አገጩ በገዛ ክብደታቸው ወደ ፊት ይወድቃሉ።

አያያዙ ካመመ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ ስበቱን ማቋረጥና እንደገና መጀመር እንጂ፥ ጥርስን ነክሶ መታገሥ አይገባም። ይህን የምለው በእኛ ዘንድ አራሷ ስታማርር «ሁላችንም እንዲህ ሆነን ነው ያሳደግን» የሚል መልስ ስለሚሰጣት ነው፤ የሚያደማ ጡት የእናትነት ግብር አይደለም።

አያያዙ በሚቃናበት ጊዜ ሕፃኑም መራብ የለበትም፥ ወተቱም መድረቅ የለበትም። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ክብደቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ከጥቢ በኋላ በእጅ ታልቦ የወጣውን ወተት በንጹሕ ትንሽ ስኒ ይስጡት፤ ስኒውን በከንፈሩ ላይ አስደግፈው ሕፃኑ ራሱ ይላሰው እንጂ ወደ ጕሮሮው አያፍስሱበት። ቅቤ ማስላስ፥ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ መስጠት፥ አብሽ ማቅመስ አንዱም ምላስ አይፈታም፤ ጥቂቱን የሆዱን ስፍራ ከመያዙ በቀር ትርፍ የለውም።

በቦስተን ከተማ የሚገኝ የጆሮና የጕሮሮ ሆስፒታል ሐኪሞች በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ የዚህን ደረጃ ዋጋ በግልጽ ያሳያል። ክራቸው እንዲፈታ የተላኩላቸውን 115 አራሶች ወዲያውኑ ወደ መቀስ ከመውሰድ ይልቅ፥ አጠባባቸውን በሚገባ የሚመረምሩ ባለሙያዎች አስቀድመው እንዲያዩአቸው ባደረጉ ጊዜ፥ ከመቶ 63 እጅ ያህሉ ያለ ቀዶ ሕክምና ተመለሱ። ይህ ማለት ግን የቀሩት 37 እጅ ሕፃናት ያለ ምክንያት ተፈቱ ማለት አይደለም፤ መመርመሩ ለእነርሱም ጠቅሟል።

ክሯ የምትፈታው መቼ ነው?

ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ስለ መፍታት ከሐኪም ጋር መነጋገር ተገቢ ይሆናል። አንደኛ፥ የምላሱ እንቅስቃሴ በእርግጥ የተገደበ መሆኑ በምርመራ ሲታይ፤ ሁለተኛ፥ የማይለቅ የጡት ሕመም ወይም የክብደት አለመጨመር ሲኖር፤ ሦስተኛ፥ በሚያውቅ ሰው ርዳታ አያያዙ ለጥቂት ቀናት ተቃንቶ በቂ ለውጥ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ መቈየት ይሻላል። ሕፃኑ በጡጦ የሚጠጣና በደህና የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ክሯ ብትታይም መንካት አያስፈልግም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ወንድ ልጅ 3,300 ግራም ሆኖ ተወለደ እንበል፤ በ5ኛው ቀን 3,000 ግራም መዘነ፥ ማለትም ከመቶ 9 እጅ ያህል ቀነሰ። የእናቱ የጡት ጫፍ ተሰንጥቋል፥ ሕፃኑ በአንድ ጥቢ አንድ ሰዓት ያህል ይቈያል፥ ምላሱም ድዱን አያልፍም። አዋላጅ ነርሷ ሦስት ጥቢዎችን ተቀምጣ አየች፥ እናቲቱን ጋለል አድርጋ አስቀመጠቻት፥ ከየጥቢው በኋላም የታለበ ወተት በስኒ እንዲሰጠው አዘዘች። በ10ኛው ቀን 3,080፥ በ14ኛው ቀን 3,180 ግራም ሆነ። በመጨረሻዎቹ አራት ቀናት በቀን 25 ግራም ጨምሯልና ሕፃኑ አልተራበም፤ ነገር ግን ይህ ጭማሪ የመጣው በስኒው ወተት ነው፥ የጡቱ ጫፍ አሁንም እንደ ተቈረጠ መቃ ሾጣጣ ሆኖ ይወጣል፥ እናቲቱም ማጥባትና ማለብን ደርባ መቀጠል አልቻለችም። ሦስቱም ነገሮች ተገኝተዋልና በ16ኛው ቀን ክሯ ተፈታች። በሚቀጥለው ሳምንት ስኒው ቀስ በቀስ ሲቀርና ሕፃኑ በጡት ብቻ በቀን 30 ግራም ያህል ሲጨምር፥ ውሳኔው ልክ እንደ ነበረ ይገመታል። «ይገመታል» ማለቴ፥ በዚህ ዕድሜ ሕፃን በየቀኑ አፉ እየሰፋና እየበረታ ስለሚሄድ ለውጡን ሁሉ ለመቀሱ መስጠት ስለማይቻል ነው።

የተመረመረው ማስረጃም ከዚህ በላይ እንድንናገር አይፈቅድልንም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ 302 ሕፃናት የተሳተፉባቸውን አምስት ጥናቶች አሰባስቦ ሲመለከት፥ ክሯን መፍታት የእናቲቱን ሕመም በቅርብ ጊዜ እንደሚያቀል አገኘ፤ የሕፃኑን አጠባብ ማሻሻሉ ግን ከጥናት ወደ ጥናት ወጥ አልነበረም፥ ለረጅም ጊዜ ጡት መጥባትን ስለ ማስቀጠሉም በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ነገር ላይ በተለይ ቢጠነቀቁ መልካም ነው። በዚያ አገር ሆስፒታሎች ከአራሶች መካከል የምላስ እስራት አለባቸው ተብለው የተመዘገቡት በ1997 እ.ኤ.አ. 3,934 ሲሆኑ በ2012 እ.ኤ.አ. 32,837 ሆነዋል፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የሕፃናት አፍ እንዲህ አልተለወጠም፥ የተለወጠው የሚያየው ሰው ዐይን ነው። ብዙዎቹ የጥርስ ሐኪሞች በሌዘር ጨረር የሚሠሩ ሲሆኑ ዋጋውም ከባድ ነው፤ ሌዘር ከመቀስ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። ከምላሱ ጋር አብሮ የላይኛው ከንፈር ክርና የጕንጭ ክር ይቈረጥ የሚል ምክር ቢቀርብልዎ፥ ይህ አጠባብን ያሻሽላል የሚል ጽኑ ማስረጃ ስለሌለ በትሕትና እምቢ ማለት ይችላሉ።

በአገር ቤት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። እንጥል የሚቈርጡና የወተት ጥርስ የሚነቅሉ ሰዎች ዛሬም በየመንደሩ አልጠፉም፤ «ምላሱን የሚፈታ እጁ የተባረከ ሰው አለ» ተብሎ አራስ ወደ እነርሱ ቢወሰድ፥ ባልተቀቀለ ምላጭ መንጋጋ ቈልፍና ሌላ ልክፍት፥ ከምላስ ሥር ካሉት የደም ሥሮችም የማይቆም ደም ሊከተል ይችላል። ይህን ሥራ የሚሠራው የሕፃናት ሐኪም፥ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም፥ ወይም ለዚህ የሠለጠነ ሌላ ባለሙያ በጤና ተቋም ውስጥ ብቻ ነው።

በዕለቱና ከዚያ በኋላ

ከቀጠሮው በፊት ሐኪሙ ባይጠይቅዎ እንኳ ሁለት ነገሮችን ራስዎ ይንገሩት። ሕፃኑ ሲወለድ ቪታሚን ኬ የተባለውን መርፌ ተወግቶ እንደ ሆነ፥ በተለይ በቤት የተወለደ ከሆነ፤ ደግሞም በቤተሰቡ ውስጥ ሲቈስል ደሙ የማይቆም ሰው፥ ሲገረዝም ብዙ ደም የፈሰሰው ዘመድ ይኖር እንደ ሆነ። አራስ ያለ ቪታሚን ኬ ደሙ በሚገባ አይረጋም፥ ስለዚህ መርፌው ካልተሰጠ ሥራው ሊዘገይ ይገባል። አገጩ እጅግ ወደ ኋላ የሸሸ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃንም ምላሱ ቢፈታ ወደ ኋላ ወድቆ መተንፈሻውን ሊዘጋ ስለሚችል፥ የስፔሻሊስት ምክር ሳይገኝ አይነካም።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ሕፃኑ በጨርቅ ይጠቀለላል፥ አንድ ረዳት ራሱንና ትከሻውን ይይዛል፤ ሐኪሙ ምላሱን በሁለት ጣቶቹ ወይም መካከሉ ስንጥቅ ባለው የብረት ማንሻ ወደ ላይ ያነሣና፥ ክሯን ጫፉ ደነዝ በሆነ የጸዳ መቀስ ይቈርጣታል። ለሕመሙ ጥቂት የጣፋጭ ውሃ ጠብታ ወይም የእናቱ ወተት አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ ቤንዞኬይን የተባለው የማደንዘዣ ቅባት ግን በአራስ ደም ላይ ጕዳት ስለሚያመጣ ፈጽሞ አይቀባም። ጥቂት ጠብታ ደም ይወጣል፥ ሐኪሙም በጋዝ ጥቂት ይጫነዋል። ወዲያውኑ ሕፃኑን ለእናቱ መስጠት ይገባል፤ ጡቱ ያጽናናዋል፥ ምላሱም ቍስሉን ይጫነዋል፥ ሐኪሙ ደግሞ አዲሱን አያያዝ በዐይኑ ያያል።

በማግሥቱ ከምላሱ ሥር ነጭ ወይም ቢጫ የሆነ ጠፍጣፋ ቍስል ሲያዩ መግል ነው ብለው አይደንግጡ፤ በአፍ ውስጥ ያለ ቍስል እንዲህ ሆኖ ነው የሚድን፥ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ደሙ እንደገና ቢታይ ጡት ያጥቡት፤ ካልቆመ በንጹሕ ጨርቅ በቀስታ ለጥቂት ደቂቃ ተጭነው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ፥ ትኵሳት ከያዘው፥ ወይም ከምላሱ በታች እብጠት ቢወጣ እንዲሁ ያድርጉ። ቍስሉን በቀን ብዙ ጊዜ በጣት እያሹ እንዲዘረጉ የሚያዝዙ አሉ፤ ይህ ክሯ ተመልሳ እንዳትጣበቅ ስለ መከልከሉ ማስረጃ የለም፥ ሕፃኑን ግን አፉ ሲነካ እንዲሸሽ ሊያስተምረው ይችላልና እኔ አልመክረውም። ክሯ ተመልሳ የምትያዝባቸው ጥቂቶች አሉ፤ ለዚህም ከሳምንትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚዛኑንና አያያዙን እንደገና የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የተፈታውን ምላስ አፉ ወዲያው አይለምደውም። ከማሕፀን ጀምሮ ምላሱን ወደ ኋላ ስቦ የኖረ ሕፃን ወደ ፊት ማውጣትን ለመማር ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ጋለል ብሎ ማጥባቱና ስኒው በአንድ ጊዜ አይቋረጡም፥ ስኒው የሚቀነሰው ክብደቱ እየታየ ነው።

ስለ ንግግር የሚጠይቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። አራስን ዛሬ መፍታት ወደ ፊት የንግግር ችግርን እንደሚከለክል የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ምላሳቸው የታሰረ ብዙ ልጆችም ፊደልን ሁሉ አጥርተው ይናገራሉ። ልጁ አድጎ ምላስ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚጠራቸውን «ለ»ን፥ «ረ»ን፥ «ተ»ን የመሳሰሉትን መጥራት ቢያቅተው፥ ያን ጊዜ የንግግር ባለሙያ መርምሮት ነገሩ ሊታሰብበት ይችላል፤ ሆኖም ያን ጊዜ ልጁ ጥርስ ያወጣና የሚታገል ስለሚሆን ሥራው ብዙውን ጊዜ በማደንዘዣ የሚደረግ ነው።